የውዝፍ ኪራይ ደብዳቤ፦ ስድቡና ዛቻው ወጥቶ ቀኑና ሂሳቡ ሲገባ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አከራይቻለሁ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፣ ወረዳም ተመዝግቧል። ኪራዩ በወር 14,000 ብር ሆኖ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን በባንክ ሊያስገባልኝ ነው የተስማማነው። ተከራዩ ለኅዳር 8,000 ብቻ ከፈለ፤ የታኅሣሥንና የጥርን ጭራሽ አልከፈለም። ስደውልለት «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ከታች ያለውን ጽፌ በሩ ላይ ልለጥፍ ስል ልጄ «ራስሽን ታስከስሻለሽ» አለችኝ። ጠንከር ያለ፣ ግን እኔን የማያስጠይቀኝ አድርጋችሁ አስተካክሉልኝ።

«ለተከራዬ፦ የሦስት ወር ኪራይ ሳትከፍል በሰው ቤት ተንደላቀህ ስትኖር አታፍርም? አንተና ሌባ በምን ትለያላችሁ? በዚህ ሳምንት ካልከፈልክ ዕቃህን አውጥቼ እጥለዋለሁ፣ መብራትና ውኃውንም አስቆርጣለሁ። ለመሥሪያ ቤትህም እናገራለሁ። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያዬ ነው።»

መልስ፦

ልጅዎ ልክ ናት፤ በሩ ላይ አይለጥፉት። ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ ውሉም ከእርስዎ ጋር ነው፤ ይህ ወረቀት ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ነገ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው እጅ የሚገባው የእርስዎ ደብዳቤ ነው፤ ተከራዩ ራሱ ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። በወንጀል ሕጉ ስድብም ዛቻም እያንዳንዳቸው የሚያስከስሱ ጥፋቶች ናቸው። ዕቃውን ካወጡበት ወይም ውኃና መብራቱን ካቋረጡበት ደግሞ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከስዎታል፤ ኪራይ ያለመክፈሉ ነገር ወደ ኋላ ቀርቶ በቅድሚያ መልስ መስጠት የሚኖርብዎ እርስዎ ይሆናሉ።

ሌላም ጉድለት አለበት፣ እሱ እንዲያውም ይብሳል። ደብዳቤዎ ውስጥ ስንት ብር እንደሚፈልጉ አልተጻፈም። የትኞቹ ወራት እንደሆኑ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሂሳብ ቁጥር እንደሚከፈልም የለም። ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ስለ ውሉም አንድ ቃል አይናገርም። ተከራዩ «ምንም ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም» ቢል በዚህ ወረቀት ማስተባበል አይችሉም። ቁጣው ቦታውን ስለያዘው ቁም ነገሩ የሚገባበት ጠፍቷል።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንየው። «ሳትከፍል ተንደላቀህ» ያሉት ውስጥ ያለው እውነት የገንዘቡ መጠን ነው፤ እሱን በቁጥር እናወጣዋለን። «በዚህ ሳምንት» ያሉት የጊዜ ገደብ ነው፤ የቀን ስም፣ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ይሰጠዋል። «ዕቃህን አውጥቼ እጥለዋለሁ» ያሉት ካልተከፈለ ምን እንደሚከተል ለመናገር ነው፤ በቦታው በሕግ የሚፈቀድልዎ እርምጃ ይገባል። ስለ መብራቱና ስለ ውኃው፣ ስለ መሥሪያ ቤቱና ስለ ሌባው የተጻፈው በሌላ ቃል የሚተካ አይደለም፤ እንዳለ ይሰረዛል። «ለመሥሪያ ቤትህ እናገራለሁ» የሚለውን ማለስለስ የሚፈልጉ ብዙ አከራዮች አሉ፤ «ግልባጭ፦ ለሚሠሩበት መሥሪያ ቤት» ብለው ከታች ያስገቡታል። ያው ዛቻ ነው። መሥሪያ ቤቱ የውሉ ተዋዋይ አይደለም። ግልባጭ የሚገባው በውሉ ላይ ዋስ ሆኖ የፈረመ ሰው ካለ ለእሱ ብቻ ነው።

ከመጻፍዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠረጴዛ ላይ ያውጡ፦ ውሉንና የባንክ መግለጫዎን። ከመስከረም ጀምሮ ገቢ የሆነውን እያንዳንዱን ክፍያ ከወሩ ጋር ያገናኙ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው፣ አከራዩ በቃል የሚያስታውሰውና መግለጫው የሚያሳየው አለመግጠሙ ነው። ለምሳሌ ተከራዩ በእርስዎ ስም ሳይሆን በባለቤትዎ ሂሳብ ያስገባው፣ ወይም በጥሬ ገንዘብ ሰጥቶዎት የረሱት ሊኖር ይችላል። ደብዳቤው ላይ 34,000 ብለው 4,000ው ተከፍሎ ቢገኝ፣ ተከራዩ ስለ ቀሪው 30,000 ሳይሆን ስለ ስሕተትዎ ያወራል። በነገሩኝ መሠረት ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ከኅዳር የቀረ 6,000፣ የታኅሣሥ 14,000፣ የጥር 14,000፤ ድምሩ 34,000 ብር። «የሦስት ወር ኪራይ» ያሉት ራሱ ትክክል እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ የሦስት ወር ኪራይ 42,000 ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ውል ላይ አንድ ዋጋ ጽፎ በቃል ሌላ የሚቀበል አከራይ ጥቂት አይደለም። በእርስዎ ውል ላይ የሰፈረው 14,000 ካልሆነ፣ ደብዳቤው ላይ ሊጠይቁ የሚችሉት በውሉ የተጻፈውን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን በደብዳቤ መጻፍ፣ በማስረጃ የማይደግፉትን ገንዘብ በራስዎ ፊርማ መጠየቅ ይሆናል።

ቅጣትም እንዲሁ። በውሉ ውስጥ «ክፍያ ሲዘገይ ይህን ያህል ቅጣት» የሚል አንቀጽ ካለ የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሰው ለብቻው መስመር ያስገቡት፤ ከሌለ በቁጣ የፈጠሩትን ቁጥር አይጨምሩ። ውል ላይ ቅጣት ባይኖርም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዘገየ ገንዘብ በዓመት 9 ከመቶ ወለድ ያስባል፤ እሱ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የሚጠየቅ ነው። በ34,000 ብር ላይ የአንድ ሙሉ ዓመቱ እንኳ 3,060 ብር ስለሆነ ለዚህ ደብዳቤ ክብደት አይጨምርለትም።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ ደብዳቤውን ጠንካራ የሚያደርገው እሱ ነው። «በአስቸኳይ»፣ «በአንድ ሳምንት ውስጥ»፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚሉት ጠንካራ ይመስላሉ እንጂ ላላ ያሉ ናቸው። ሳምንቱ ከመቼ ይቆጠራል? ከተጻፈበት ቀን ነው ወይስ ከደረሰው ቀን? ተከራዩ የራሱን ይመርጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ቤት ኪራይ በሚናገርበት ክፍል፣ ውዝፍ ያለበት ተከራይ ውሉ እንዲቋረጥበት ሲፈለግ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ ውሉ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተደረገ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ከዚያ ላነሰ ጊዜ ከሆነ ቢያንስ 15 ቀን። ቀኑም የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ተከራዩ ዘንድ ከደረሰበት ጊዜ ነው። የእርስዎ ውል የሁለት ዓመት ስለሆነ «በዚህ ሳምንት» የሚለው ከዚህ ጋር አይሄድም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት የራሱ ድንጋጌዎች አሉት፦ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲደረግ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ስለ ውል መቋረጥም የሚለው አለው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመስጠትዎ በፊት ውሉን ለመዘገበው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወስደው ያሳዩ፤ ሄደው ማሳየትዎ ራሱ በሥርዓት እንደሄዱ ያስመሰክራል። እኔ የማስቀምጥልዎ 30 ቀን ረዘም ያለውን ይዞ ነው። ለተከራይ ጊዜ አሳጠረ ተብሎ የሚነቀፍ አከራይ እንጂ፣ ጊዜ ሰጠ ተብሎ የሚነቀፍ የለም።

ቁጥሩን በእርስዎ ጉዳይ ላይ እንሥራው። ደብዳቤው ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ተጽፎ በዚያው ቀን ቢደርሰው 30 ቀኑ ቅዳሜ የካቲት 14 ላይ ይሞላል። ማብቂያውን ቅዳሜ ላይ አላደርገውም፤ ባንክ ግማሽ ቀን በሚሠራበት ቀን የሚያበቃ ገደብ «ስደርስ ተዘግቶ ነበር» ለማለት በር ይከፍታል። ሰኞ የካቲት 16 ይሁን። እነዚህ ሁለት ቀናት ሌላም ጥቅም አላቸው፦ ሐሙስ ቤት ባያገኙትና ቅዳሜ ጥር 16 ቢሰጡት እንኳ 30 ቀኑ የካቲት 16 ላይ ይደርሳል። ከጥር 16 ካለፈ ግን የድሮውን ወረቀት አይስጡት፤ ቀኖቹን ሁሉ አስልተው እንደ አዲስ ያትሙት። በእስክርቢቶ የተደለዘ ቀን ያለበት ማስጠንቀቂያ ለክርክር ይዳርጋል።

ሁለተኛ ቀንም ያስፈልጋል፤ አጠር ያለ፣ ለመልስ የሚሆን። ተከራዩ ሙሉውን መክፈል ካልቻለ ዝም ብሎ አንድ ወር ከሚያልፍ፣ በስምንት ቀን ውስጥ አፉን ከፍቶ ቢናገር ለሁለታችሁም ይሻላል። እሱን ዓርብ ጥር 22 አድርጌዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፦ በእነዚህ 30 ቀናት መካከል የየካቲት ኪራይ ይደርሳል። ደብዳቤው ስለ የካቲት ምንም ካላለ፣ ተከራዩ የካቲት 4 ቀን 14,000 ያስገባና «የጠየቅሽኝን ከፈልኩ» ይላል፤ እርስዎ የየካቲት ነው ይላሉ፣ እሱ የታኅሣሥ ነው ይላል። ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል የትኛውን እንደሚከፍል መግለጽ ይችላል፤ ካልገለጸ ግን ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ የየካቲት ኪራይ ከ34,000 ውጭ መሆኑን ጽፈን፣ ገቢ ሲያደርግ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ወሩን እንዲጽፍ እንጠይቀዋለን።

ደብዳቤው እነሆ። ነጥብ ነጥቡ ላይ የራስዎን ይሙሉበት፤ የውሉን ቀንና የኅዳር ክፍያ የገባበትን ቀን ለምሳሌ ያህል ስለጻፍኩት በትክክለኛው ይተኩት።

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ……………
……… ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ……፣ የሕንጻ ቁጥር ……፣ የቤት ቁጥር ……

ጉዳዩ፦ የውዝፍ ቤት ኪራይ ክፍያን ይመለከታል

መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈራረምነውና በወረዳ …… በተመዘገበው የቤት ኪራይ ውል አንቀጽ …… መሠረት፣ ከላይ ለተጠቀሰው ቤት በየወሩ 14,000 (አሥራ አራት ሺህ) ብር እስከ ወሩ 5ኛ ቀን ድረስ በባንክ ለመክፈል ተስማምተዋል። ይሁን እንጂ ይህ ደብዳቤ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ የሚከተለው ኪራይ አልተከፈለም።

የኅዳር 2018 ኪራይ 14,000 ብር፤ ኅዳር 18 ቀን የተከፈለ 8,000 ብር፤ ቀሪ 6,000 ብር
የታኅሣሥ 2018 ኪራይ፤ ያልተከፈለ 14,000 ብር
የጥር 2018 ኪራይ፤ ያልተከፈለ 14,000 ብር
ጠቅላላ ውዝፍ 34,000 (ሠላሳ አራት ሺህ) ብር

ስለሆነም ይህን ውዝፍ እስከ ሰኞ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በ……… ባንክ በስሜ በተከፈተው የሂሳብ ቁጥር ……… ገቢ እንዲያደርጉ፣ ገቢ ሲያደርጉም የሚከፍሉበትን ወር በክፍያ ምክንያት ላይ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። የየካቲት 2018 ኪራይ በዚህ ድምር ውስጥ አልተካተተም፤ በውሉ መሠረት እስከ የካቲት 5 ቀን ለብቻው ይከፈላል።

ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ የከፈሉት ካለ ማስረጃውን፣ በአንድ ጊዜ ለመክፈል የማይችሉ ከሆነም የአከፋፈል ሐሳብዎን እስከ ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ ወይም በስልክ ቁጥር ……… ያሳውቁኝ።

እስከ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ውዝፉ ካልተከፈለና በጽሑፍ የተስማማንበት ሌላ የመክፈያ ጊዜ ከሌለ፣ የኪራይ ውላችን በዚሁ ቀን የሚቋረጥ መሆኑን፣ ቤቱን ለመረከብና ውዝፉን ለማስከፈልም ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ የማቀርብ መሆኑን አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአከራይ ስም ………………  ፊርማ ………………

ይህን ደብዳቤ ዋናውን ተቀብያለሁ።
የተከራይ ስም ……………… ፊርማ ……………… የተቀበሉበት ቀን ………………

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። «አንተ» የሚለውን ሁሉ ወደ አንቱታ የለወጥኩት ለጨዋነት ብቻ አይደለም። በ«እርስዎ» የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ስድብ አይሸከምም፤ «ሌባ ነዎት» ብሎ ለመጻፍ እጅ ይከብዳል። ከቤተሰብ በላይ የምትቀራረቡ ሆናችሁ ስታወሩ «አንተ» የምትሉት ቢሆንም ደብዳቤው ላይ አንቱታው ይቆይ፤ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። ላይ «እንዲከፍሉ» ብሎ ታች «ካልከፈልክ» የሚል ደብዳቤ፣ ጸሐፊው መሐል ላይ እንደተናደደ ያሳብቃል።

«የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚለውንም ያወጣሁት በጽሑፍ የመጀመሪያው ስለሆነ ነው። ከዚህ በፊት በስልክ ነው የነገሩት። የመጀመሪያውን «የመጨረሻ» ብለው ከጀመሩ ሁለተኛውን ምን ሊሉት ነው?

የመጨረሻው አንቀጽ ለአንዳንድ ሰው የለሰለሰ ይመስለው ይሆናል። ሕግ የሚፈቅድልዎትን እርምጃ ስሙን ጠርቶ መናገር ዛቻ አይደለም፤ ተከራዩ ምን እንደሚጠብቀው የማወቅ መብቱም ነው። ዛቻ የሚሆነው በጉልበት፣ በማዋረድ ወይም ባልተገለጸ ነገር ሲያስፈራሩት ነው። ለዚህም ነው «አስፈላጊውን ሁሉ እርምጃ እወስዳለሁ»፣ «ለሚደርስብህ ነገር ኃላፊነቱን አልወስድም» የሚሉትን የሸሸሁት። ቢሮ ቢሮ ይሸታሉ እንጂ ምን እንደሚሉ አይታወቅም፤ ተቀባዩም ዳኛውም ወደ ክፉው ሊተረጉሙት ይችላሉ። ከዚህ ጋር አንድ ነገር፦ በእውነት የማያደርጉትን አይጻፉ። ክስ የመመሥረት ሐሳብ ከሌለዎት ያንን ሐረግ ያውጡት። የካቲት 17 ጠዋት ምንም ካልተደረገ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፉትን ቀን ተከራዩ አያምነውም።

«ይሁን እንጂ አልተከፈለም» ብዬ «አልከፈሉም» ያላልኩት ለምንድን ነው የሚል ካለ፣ ሁለቱም ልክ ነው። እኔ የመጀመሪያውን የምመርጠው ሂሳቡን እንጂ ሰውየውን ስለማይጠቁም ነው። ምክንያቱን መገመትም አያስፈልግም፦ «ገንዘብ እያለዎት»፣ «ሆን ብለው» የሚሉት ሊያረጋግጡት የማይችሉት ነገር ነው። የራስዎን ችግር ማስገባትም እንዲሁ ይቅር። የባንክ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የራስ ሕመም ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኪራዩ የሚከፈለው ስለ ተቸገሩ ሳይሆን ውል ስላለ ነው። ችግር ከተጻፈበት ተከራዩም የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል፤ ወሬው ከ34,000ው ይርቃል።

አሰጣጡ ከአጻጻፉ እኩል ነው። ሁለት ቅጂ ያትሙ፣ ሁለቱንም ይፈርሙ። አንዱን ይስጡት፣ ሁለተኛው ላይ ከታች ባለው ቦታ ስሙን፣ ፊርማውንና የተቀበለበትን ቀን በራሱ እጅ ይጻፍልዎ። ፊርማው «ተቀብያለሁ» እንጂ «አምኛለሁ» ማለት አለመሆኑን ይንገሩት፤ ብዙ ተከራይ የማይፈርመው ዕዳውን ያመነ እየመሰለው ነው። አልፈርምም ካለ አይጨቃጨቁ፤ ይዘዋቸው የሄዱት ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይስጡትና በእርስዎ ቅጂ ጀርባ ላይ «ጥር 14 ቀን 2018 ከቀኑ 11፡30 ላይ በቤቱ ተገኝተን ደብዳቤው ሲሰጠው አይተናል፤ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም» ብለው ምስክሮቹ ይፈርሙበት። ምስክሮቹ ልጅዎና ባለቤትዎ ባይሆኑ ይመረጣል፤ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ አባል ወይም ውሉ ሲፈረም የነበረ ሰው ጥሩ ነው። ቀኑ ሲደርስ የሚጠየቁት «ሰጥተሻል ወይ» ተብለው ነው።

በር ላይ መለጠፍ፣ ለጥበቃው ወይም ለሠራተኛዋ ትቶ መሄድ፣ ለልጁ ማስያዝ፣ ሁሉም መጥፎ ነው። መለጠፍ ጎረቤቱን ሁሉ የሚያስነብብ ስለሆነ ጨዋውን ደብዳቤ ራሱን ማዋረጃ ያደርገዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ መድረሱን አያረጋግጡም። ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ቢልኩለት አይከፋም፣ ግን በእጅ ከሰጡት በኋላ ተጨማሪ ሆኖ። ከፎቶው ሥር «ዛሬ በእጅ የሰጠሁዎት ደብዳቤ ቅጂ ነው» ብቻ ይጻፉ። የድምፅ መልእክት አይላኩ። ሰው በጽሑፍ የተቆጣጠረውን ቁጣ በድምፅ ይለቀዋል፣ እሱም ተቀምጦ ይቆያል።

ከሰጡት በኋላ በነዚህ 30 ቀናት ውስጥ ደብዳቤውን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ አከራዩ ራሱ ነው። ተከራዩ ይደውላል፣ «ትንሽ ታገሡኝ» ይላል፣ «እሺ ችግር የለም» ይላሉ። በዚያች «እሺ» የካቲት 16 የት እንደገባ አይታወቅም። ማራዘም መብትዎ ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍና በቀን ይሁን። ለምሳሌ በሁለት ጊዜ ልክፈል ካለ እንዲህ ይጻፉለት፦

«በጥር 14 ቀን 2018 ደብዳቤ ከተገለጸው 34,000 ብር ውዝፍ ውስጥ 20,000 ብር (የኅዳር ቀሪ 6,000 እና የታኅሣሥ 14,000) እስከ ዓርብ ጥር 29 ቀን 2018፣ ቀሪው 14,000 ብር (የጥር) እስከ ሰኞ የካቲት 16 ቀን 2018 ለመክፈል ተስማምተናል። የየካቲት ኪራይ በውሉ መሠረት እስከ የካቲት 5 ቀን ይከፈላል። ከእነዚህ ክፍያዎች አንዱ በቀኑ ካልተከፈለ የጥር 14 ቀን ደብዳቤ እንደጸና ይቆያል።»

ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቅጂ ትይዛላችሁ። ክፍፍሉን በወር ልክ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ 17,000 እና 17,000 ቢባል ታኅሣሥ ለሁለት ይሰነጠቅና ሂሳቡ ዳግም ይዘበራረቃል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትወጣ፤ እሷ ከሌለች አዲሱ ስምምነት የድሮውን ማስጠንቀቂያ እንደተካው ተቆጥሮ ከዜሮ ሊጀምሩ ይችላሉ።

ሳይነግርዎ ከፊሉን አስገብቶ ቢያገኙትም ዝም አይበሉ። በዚያው ቀን «የካቲት 3 ቀን 10,000 ብር ደርሶኛል፤ ከኅዳር ቀሪ 6,000 እና ከታኅሣሥ ላይ 4,000 ተይዟል። ቀሪ ውዝፍ 24,000 ብር ነው፤ የመክፈያው ቀን የካቲት 16 እንዳለ ነው» ብለው በጽሑፍ ይላኩለት። በክፍያ ምክንያቱ ላይ ራሱ ሌላ ወር ጽፎ ከሆነ የጻፈውን ይከተሉ፤ ድምሩ ያው ነው። የተቀበሉትን ገንዘብ መመለስ ወይም «ሙሉው ካልሆነ አልቀበልም» ማለት አያስፈልግም።

የካቲት 16 አልፎ ካልተከፈለም ቁልፍ አይቀይሩ፣ በሩን አያሽጉ፣ ዕቃ አይንኩ። የባንክ መግለጫውን እስከ የካቲት 17 ድረስ ያለውን ያውጡ፣ ከውሉ፣ ተቀባይነቱ ከተፈረመበት የደብዳቤው ቅጂና ከላካቸው መልእክቶች ጋር በአንድ ፋይል ያድርጉና ወደ ጠበቃ ወይም ወደ ፍርድ ቤቱ ይሂዱ። የየካቲት ኪራይም ካልተከፈለ በዚያን ጊዜ ውዝፉ 48,000 ስለሚሆን ክሱ ላይ የሚጠየቀው ይኸኛው ቁጥር ነው። ከከፈለ ደግሞ በዚያው ዕለት «በጥር 14 ቀን ደብዳቤ የተጠየቀው 34,000 ብር ሙሉ በሙሉ ስለተከፈለ ማስጠንቀቂያው ቀሪ ሆኗል» የሚል አንድ መስመር ፈርመው ይስጡት፤ የእርስዎንም ቅጂ ከውሉ ጋር ያስቀምጡት።